አንድ ያረረ እራት በሦስት ሪፖርት

የድርጅቱ መጋዘን ጣሪያ ማፍሰሱን የሚገልጸውን ሪፖርት ጸሐፊዋ በሦስት መልክ አዘጋጀችው። ለቦርዱ በግማሽ ገጽ ጉዳቱንና የሚፈለገውን ውሳኔ ብቻ ጻፈች። ለሠራተኞቹ ባልዲ ይዘው የሮጡትን አመስግና፣ ሥራው የት እንደሚዛወር ዘረዘረች። ለውጭ አጋሮች ደግሞ ዕቃው አንድ ሳምንት እንደሚዘገይ ሳትደብቅ በትሕትና አስረዳች።

ቤቷም ገብታ ስለ ሦስቱ ሪፖርቶች ለባሏ እያወራች እራት ስትሠራ አመሉ አልለቀቃትም።

ባሏ አፍንጫውን ይዞ፣ "ምንድን ነው የሚሸተው?" አላት።

"ውድ አጋራችን፣ በእራት ዝግጅቱ ከታቀደው በላይ ሙቀት በማጋጠሙ፣ ስለ ትዕግሥትዎ ከወዲሁ..."

"ሆዴ አጋር አይደለም! የሠራተኞቹን ንገሪኝ።"

"የኔ ጀግና፣ መስኮቱን ስለከፈትክ አመሰግናለሁ። ከአሁን ጀምሮ ድስቱን አንተ ትፈገፍጋለህ።"

"ኧረ በናትሽ፣ የቦርዱን አምጪ!"

"እራቱ አሯል። ውጭ እንድንበላ ይወሰን።"

"ጸድቋል!" አለ ጫማውን እያጠለቀ። "ድስቱን ግን ሪፖርት አቅራቢዋ ትፈግፍገው።"