የኢንጂነሩ ልጆች

አዋሽ ተወልጄ ያደግሁ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። እናቴ ከወሎ መጥታ ምግብ ቤት የከፈተች ሴት ናት፤ ሾፌሩም ነጋዴውም በሚጯጯህበት ቤት ስላደግሁ ድምፄን ማሰማት አይቸግረኝም። በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የውሃ ፓምፖች የሚተክለው ድርጅታችን ከአዋሽ ወደ ሰመራ ሲያዛውረኝ ዘመዶቼ ሁሉ ስለ ሙቀቱ ነበር ያስጠነቀቁኝ። ሙቀቱን ለመድኩት። ቶሎ ያልለመድኩት የቢሮውን ምሳ ነው።

አምስት ሰዎች ነበርን። አለቃችን፣ ሁላችንም «ኢንጂነር» የምንለው፣ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ሲስቅ ቢሮውን የሚሞላ ሰው ነው። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ይዟቸው የመጣ ሁለት ሰዎች ነበሩት፤ ፕላን የሚሠራው ወጣት ዲዛይነር እና የግዢ ሠራተኛዋ። አምስተኛው በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት አፋር ቴክኒሻን ናቸው።

«እነዚህ ሁለቱ ልጆቼ ናቸው» ይል ነበር ኢንጂነሩ፣ እንግዳ ፊት ሳይቀር። እኔና ቴክኒሻኑ አጠገቡ ቆመን እንሰማለን።

ቀትር ላይ ሦስቱ፣ ከቢሮው ሁለት ፒካፖች በደህናው፣ አጠገባችን ያለችው ሎግያ ከተማ ሄደው ምሳ ይበላሉ። ማን የት እንደሚወጣ፣ የትኛው ሥራ እንደሚቀድም፣ ከደንበኛ ጋር ማን እንደሚነጋገር እዚያ ገበታ ላይ ያልቃል። ሰኞ ስብሰባ ስንቀመጥ ኢንጂነሩ «እንደተነጋገርነው» ብሎ ይጀምራል። እኔና ቴክኒሻኑ ግን ከማንም ጋር አልተነጋገርንም። ደህናው ፒካፕ ሁሌም ለዲዛይነሩ ነው፤ ለእኛ በሩ በገመድ የሚታሰረው ይደርሰናል። ዲዛይነሩ ሲያረፍድ «መንገዱ ነው» ይባላል። እኔ ያረፈድኩ ቀን «እዚህ ቤት ሰዓት አለ» ተባልኩ።

አንድ ሰኞ የፓምፖቹን የመቆጣጠሪያ ሳጥኖች ከፓነሎቹ ሥር ጥላ ውስጥ ብንሰቅላቸው በሙቀት መቃጠላቸው እንደሚቀንስ ተናገርኩ። ኢንጂነሩ ስልኩን እየነካካ «እናየዋለን» አለኝ። በሳምንቱ ሰኞ ዲዛይነሩ ያንኑ ሐሳብ በፕላን ስሎ አመጣው። «አያችሁ? ማሰብ ማለት እንዲህ ነው!» አለ ኢንጂነሩ ጠረጴዛውን እየመታ። ዲዛይነሩ ቀና ብሎ አላየኝም።

ከስብሰባው ስንወጣ ቴክኒሻኑ «እህቴ፣ እኔ ብዙ አለቃ አሳልፌአለሁ። ሥራሽን ሥሪ፣ ቤትሽ ግቢ» አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት። እኔ ግን ቤቴ ስገባም ንዴቱ አብሮኝ ይገባ ነበር።

ከዚያ የአዲስ አበባው ሥልጠና መጣ። ድርጅቱ አዲስ ዓይነት መቆጣጠሪያ ሊያስገባ ነበርና ለእኛ ቢሮ የተሰጠው ቦታ አንድ ነው። መቆጣጠሪያ መግጠምና መጠገን የኔ ሥራ ነው። ኢንጂነሩ ግን ዲዛይነሩን መደበ።

ከቴክኒሻኑ ጋር ማማት ሰልችቶኝ ስለነበር ኢንጂነሩ ቢሮ ገባሁ።

«ኢንጂነር፣ መስፈርቱ ምን እንደነበር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

አልተቆጣም። «የማምነውን ሰው ነው የምልከው» አለኝ።

«እኔን ለማመን ምን ማየት ይፈልጋሉ?»

ብዕሩን አገላበጠ። «እሱን አውቀዋለሁ። ይኸው ነው» አለ በመጨረሻ። የምሠራው ጎድሎ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የጎደለኝ ነገር ቢኖር ያ ገበታ ነበር። እንዲህ በግልጽ መስማቴ እንዲያውም አቀለለኝ።

በዚያው ሳምንት ከዲዛይነሩ ጋር በጅቡቲ መንገድ ላይ ካለችው ዲቾቶ ወዲያ ያለ ፓምፕ እንድናይ ተላክን። ስንመለስ ዲቾቶ ሻይ ለመጠጣት ወረድን። የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች መንገዱን ዳርና ዳር ይዘውታል። ሻይ የምታፈላው የወሎ ሴት ንግግሬን ሰምታ «የኛ ልጅ ነሽ» ብላ ቀድማ ቀዳችልኝ። ዲዛይነሩ ብርጭቆውን እንደያዘ የሆዱን ተነፈሰ።

«ሥልጠናውን አልፈልገውም። ባለቤቴ አዋሽ አራስ ናት። ክፍት ቀን ሳገኝ መሄድ የምፈልገው ወደ እሷ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትነግረውም?»

«አንቺ እምቢ ብትዪው ተናድዶ ይረሳዋል። እኔ እምቢ ካልኩ ግን ከዳኝ ነው የሚለው።» ሻዩን አስቀመጠ። «ሳጥኖቹን ጥላ ውስጥ እንስቀል ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ሳልኩት እንጂ አላሰብኩትም። ልናገር ብዬ ፊቱን ሳየው ተውኩት። እናንተም እኮ ምንም አትነግሩኝም። በመልካ ወረሩ ሥራ ላይ ፕላኔ ስህተት ነበረው፤ ቴክኒሻኑ አይተው ዝም አሉኝ።»

«ኢንጂነሩ ጋ ነገር የምታደርስባቸው መስሏቸው ነው።»

«አውቃለሁ። ይኸው ነገር ነው የሚያቃጥለኝ።»

ያን ሁሉ ጊዜ የተመቸው ሰው አድርጌ አይቼው ነበር። ንዴቴ ከእሱ ላይ ሲነሳ ተሰማኝ። «ሰኞ አንተው ተናገር፤ እኔም አብሬህ እናገራለሁ» አልኩት።

ሰኞ ኢንጂነሩ «እንደተነጋገርነው» ብሎ ሲጀምር ዲዛይነሩ እጁን አነሳ። «ሥልጠናው የሷ ሥራ ነው፣ እሷ ትሂድ። የሳጥኖቹም ሐሳብ የሷ ነበር።»

ኢንጂነሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። «ተስማምታችሁ ነው የመጣችሁት?»

«አዎ፣ ኢንጂነር» አልኩ። «መንገድ ላይ ተነጋገርንበት። እናንተም ምሳ ላይ እንደምትነጋገሩት።»

የግዢ ሠራተኛዋ አቀረቀረች። ቴክኒሻኑ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ኢንጂነሩ ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋና «ሂጂ እንግዲህ» አለኝ።

አዲስ አበባ ሄጄ ተምሬ ተመለስኩ። የመጀመሪያውን አዲስ መቆጣጠሪያ ከቴክኒሻኑ ጋር ገጥመን ውሃው ሲወጣ ኢንጂነሩ አብሮን ነበር፤ ከልቡ ደስ አለው። የዲዛይነሩ ፍርሃት ግን ደርሶ ነበር። ምሳ አይጠራም፣ ፒካፑ ተወስዶበታል፣ ሲያረፍድ ሰዓት ይታይበታል።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ኢንጂነሩ በሬን አንኳኳ። «ልጄ፣ ተነሺ፣ ምሳ እንብላ።»

ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ደህናው ፒካፕ ቀዝቃዛ ነፋስ አለው፤ «ልጄ» የሚለው ቃልም ሙቀት አለው። ገበታ ላይ ፍየል ሥጋውን እያጎረሰኝ፣ አዋሽ አርባ ላይ ትልቅ ሥራ እንደተገኘ፣ እሱን እኔ እንደምመራው ነገረኝ። «ለነዚያ ለጊዜው አትንገሪ» አለኝ። «እነዚያ» ያለው ዲዛይነሩንና ቴክኒሻኑን ነው።

እጄን ታጠብኩና «ኢንጂነር፣ ሥራውን በደስታ እሠራለሁ። ግን ሰኞ ለሁላችንም ቢነግሩን ይሻላል። ፕላኑን የሚሠራው እሱ ነው፤ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር የሚነጋገሩት ቴክኒሻኑ ናቸው። ደብቄያቸው እንዴት አብሬያቸው እሠራለሁ?» አልኩት።

«ሰው ሲያቀርብሽ አታውቂም ማለት ነው?»

«አውቃለሁ። ብቻዬን መቅረብ ነው የማልፈልገው።»

ሂሳቡን ከፍሎ ሳያናግረኝ መለሰኝ። ለጥቂት ጊዜ ኩርፊያው ቢሮውን ሁሉ አከበደው። ሰኞ ሲመጣ ግን የአዋሽ አርባውን ሥራ ለሁላችንም አነበበልን። ዲዛይነሩ ፕላኑን አቀረበ፤ ቴክኒሻኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው «ይህ ጎርፍ የሚሄድበት ነው፣ ወዲያ ይሁን» አሉት። እዚያው አረመው።

ኢንጂነሩ ሌላ ሰው ሆኗል አልልም። ዛሬም ከግዢ ሠራተኛዋ ጋር ሎግያ ይሄዳል፤ ዛሬም ማን እንደሚወደድ ከፊቱ ይነበባል። ዲዛይነሩ ራሱ ጠይቆ ወደ አዋሽ ቅርንጫፍ ተዛውሯል፤ ሚስቱና ልጁ ጋ ነው። እኔ የአዋሽ አርባውን ሥራ ጨርሼ ሰመራ ተመልሻለሁ። ሰኞ ሰኞ የሚቀጥለውን ሥራ እኔው አነሳዋለሁ፣ ማን ይሂድ ብዬም በሁሉ ፊት እጠይቃለሁ። ኢንጂነሩ ፊቱን ያጨማድድና ይመልስልኛል።