ሦስቱ ኤች

ፈይሩዝ አማን ጤና መኮንን ናት። በምትሠራበት በወረታ ጤና ጣቢያ ግን ይህን ማዕረግ ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ለታካሚው ሁሉ «ዶክተር» ናት። መጀመሪያ ላይ ታርም ነበር፣ በኋላ ሰለቻትና ተወችው። አባቷ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ። ሦስት ሜትር ጨርቅ ለመሸጥ ግማሽ ሰዓት ያወራሉ፤ ልጃቸውም አንድ የምርመራ ወረቀት ለማስረዳት እንደዚያው ናት። በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ያጉረመርማል። እሷ ደግሞ ያጉረምርም ትላለች።

እንዲህ ያደረጋት አንድ ሰው ነው። ሥራ በጀመረችበት ዓመት፣ ሌላ ወረዳ ሳለች፣ አንድ ሽማግሌ ደማቸው አንሶ መጡ። ፈርተው ስላየቻቸው አንጀቷ አልችል አለና «ምንም አይደል አባቴ፣ ቀላል ነው» አለቻቸው። እሳቸውም አመኗትና በቀጠሯቸው ቀን ሳይመጡ ቀሩ። በዓመቱ ሲመለሱ ሆዳቸው ውስጥ የነበረው ዕጢ ከእጅ አምልጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ምንም አይደል» የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ጥቅምት ላይ ከቁሐር ሚካኤል ይታይሽ የምትባል የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ከባሏ ከሰጠኝ ጋር መጣች። ሩዝ ስታርም ትንፋሽ ያጥራታል፣ ዓይኗ ይጨልምባታል፣ ሳታስበው ደግሞ አፈር ብዪ ብዪ ይላታል። ፈይሩዝ የዓይኗን ውስጥ ገልጣ አየች፣ ነጥቷል። ጥያቄዋን ሁሉ ጠየቀች፤ የወር አበባዋ አልበዛም፣ አላረገዘችም፣ ሰገራዋም አልጠቆረም። ደምና ሰገራ እንድትሰጥ ላከቻት።

የደሙ ውጤት ቀድሞ ወጣና ይታይሽ ወረቀቱን ይዛ ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ይህ ነው ጉዱ። የቁሐር ሚካኤል ሰው የእንግሊዝኛ ወረቀት ሲደርሰው የሚያስነብበው ለአያልነህ ነው፤ አያልነህ ደግሞ ያን ቀን ጥርሱን አሞት እዚያው ነበር። አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሯል፤ የማዳበሪያ ከረጢት ያነባል። የማያውቀውን አላውቅም ማለት ግን አልፈጠረበትም። ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች በጣቱ ወረደና ፊቱ ተለወጠ። ከቁጥሮቹ ጎን ኤች የምትባለዋ ፊደል ለብቻዋ ተጽፋለች፣ ያውም ሦስት ቦታ። ለይታይሽ ምንም አላላትም። ሰጠኝን በክንዱ ስቦ ወደ አጥሩ ወሰደውና «ኤች አለባት፣ ሦስት ጊዜ ተጽፎባታል» ብሎ በጆሮው ነገረው፤ ኤች ለእሱ የኤች አይ ቪዋ ኤች ናት።

ፈይሩዝ የይታይሽን ስም ብትጠራ ብትጠራ የሚገባ ጠፋ። ወጥታ ስትፈልግ ባልና ሚስቱን የግቢው በር ላይ አገኘቻቸው። ሰጠኝ ባጃጅ ሊጠራ ቆሟል፤ ሚስቱን ቀና ብሎ አያያትም። ይታይሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ባሏ በአንድ ቃል ነግሯታል፣ ያችኑ ቃል።

ፈይሩዝ መጀመሪያ ይታይሽን ለብቻዋ አስገባችና ባሏ ቢሰማ ትፈቅድ እንደሆነ ጠየቀቻት። ይግባና ይስማ አለች፤ እሷን ወንጀለኛ አድርጎ የቆመው እሱ ነውና። ከዚያ ፈይሩዝ ምንም ከማስረዳቷ በፊት የሰሙትን አስነገረቻቸው። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማች። መሳቅ እንኳ አልሳቀችም፤ ኋላ እቤቷ ገብታ ሳቀች እንጂ ያን ጊዜ የሚያስቅ ነገር አልታያትም።

«ይቺ ኤች የበሽታ ስም አይደለችም፣» አለች ወረቀቱን ዘርግታ። «ቁጥሩ ከሚጠበቀው በልጧል ማለት ናት። እዚህ ደግሞ ኤል አለች፤ ያነሰ ማለት ናት። እኔን ያሳሰበችኝ ኤሏ ናት።»

የደሟ መጠን ስምንት ነጥብ ሁለት ነው፤ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ቢያንስ አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት። ትንፋሿን የሚያሳጥራት ይኼ ነው። መታከም አለበት፣ ዛሬ ግን ለሞት የሚያሰጋ አይደለም። ከኤቾቹ ሁለቱ ደም ሲያንስ ብዙ ጊዜ አብረው የሚታዩ ናቸው። ሦስተኛው፣ ሆድ ውስጥ ትል ሲኖር ወይም ሰውነትን አንድ ነገር አልስማማ ሲለው የሚበዛ የነጭ ደም ዓይነት ነው። ሩዝ ማሳ ውስጥ በባዶ እግር የሚቆም ሰው ትል ሊገባበት ስለሚችል እሱን ጠርጥራለች። የሰገራው ውጤት ሳይመጣ ግን ነው አልልም አለች።

ሰጠኝ ይህን ሁሉ አቀርቅሮ ሰማ። በመጨረሻ ቀና አለና «እንግዲያው ያኛው የለባትም በይና ገላግይን» አላት።

ፈይሩዝ «የለባትም» ብትል በአንዲት ቃል ሁሉም ነገር ይበርዳል፤ ቃሉም እውነት ሳይሆን አይቀርም። ሽማግሌው ግን ትዝ አሏት።

«አልልም፣» አለች። «ይህ ወረቀት ስለ ኤች አይ ቪ አልተጠየቀም፣ ስለዚህ አለባትም የለባትም አይልም። እኔም ያላየሁትን አልናገርም። ማወቅ ከፈለጋችሁ ዛሬውኑ እዚሁ ይታያል፤ መመርመርና አለመመርመር የእናንተ ፈቃድ ነው።»

ይታይሽ እንባዋን ጠረገች። «እኔ እመረመራለሁ፣» አለች፣ ወደ ባሏ ዞራ። «አንተስ? ከእኔ ብቻ የሚወጣ መሰለህ?»

ሰጠኝ ይህን አልጠበቀም። ጠዋት ሙሉ ዳኛ ሆኖ የቆመ ሰው በአንዴ ተከሳሽ ሆነ። የሩዝ ነጋዴ ሆኖ ሐሙሲት ከተማ ያደረባቸው ሌሊቶች ነበሩ፤ በሐሳቡ እንደመጡበት ፊቱ ያሳብቃል። ፈይሩዝ ማንም እንደማይገደድ፣ ውጤቱም ለየብቻ እንደሚነገር ነገረቻቸው። በመጨረሻ እሱም ለምርመራው እጁን ዘረጋ።

የሁለቱም ነጻ ሆነ። ለሰጠኝ ለብቻው፣ ባለፉት ሦስት ወራት የሚጠራጠረው ነገር ካለ የዛሬው ምርመራ ገና ላያሳየው ስለሚችል ዳግመኛ መታየት እንዳለበት ነገረችው። የለም አለ፤ ወጥቶም ሚስቱን ይቅር በይኝ አላት። የሰገራውም ውጤት ወዲያው ደረሰ፤ የጠረጠረችው ትል እንቁላል ታይቷል። በእግር ቆዳ ገብቶ አንጀት ላይ ይጣበቅና እንደ አልቅት ደም ይመጥጣል አለቻት። ይታይሽ አልቅትን ለማወቅ ማንም አላስፈለጋትም።

ለትሉ አንድ ክኒን፣ ለደሙ የሦስት ወር የብረት ክኒን ሰጠቻት። ሰገራዋ ቢጠቁር ከክኒኑ ስለሆነ እንዳትደነግጥ፣ ከሻይና ከቡና ጋርም እንዳትወስደው፣ ማሳ ስትገባ ቦቲ ጫማ እንድታደርግ ነገረቻት። በወሩ መምጣት ግን ግዴታ ነው። ደሟ ካልጨመረ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነውና ሆስፒታል ትልካታለች። ከዚያ ሁሉንም መልሳ እንድትነግራት ጠየቀቻት። ይታይሽ የቦቲውን ነገር ብቻ ረሳች፤ ሰጠኝ አስታወሳት።

በወሩ ይታይሽ ብቻዋን መጣች፤ ከቁሐር እስከ ወረታ ግማሹን በእግሯ። ደሟ አሥር ነጥብ አንድ ደርሷል። ፈይሩዝ ቁጥሩን ስታይ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«ዳንሁ ማለት ነው?» አለች ይታይሽ።

«ገና ነው። እየዳኑ ነው። ክኒኑ ጥሩ እየሠራ ነው፤ ሁለት ወር ይቀረናል።»

ይታይሽ ራሷን ነቀነቀች። ከጉያዋ የክኒኑን ፓኬት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ የሁለት ወሩ ገና አልተነካም።

«ትንፋሼ ከተመለሰ ወዲያ ልተወው ነበር፣» አለች። «ጎረቤቶቼ ድነሻል አሉኝ። እኔ ግን አንቺ ያላየሽውን እንደማትናገሪ አውቃለሁ። ሳትነግሪኝ አልተውም ብዬ መጣሁ።»

ፈይሩዝ ክኒኑን መልሳ እጇ ላይ አስቀመጠችላትና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጻፈችላት።