ሐመልማል አንገቷ ላይ ያሰፋችው ወረቀት

እትዬ ሐመልማልን የማያውቅ የሰሊጥ ሠራተኛ ካለ፣ እሱ ገና ድንበሩን ያልተሻገረ ነው። ከገላባት ወዲህ፣ ሱዳን ውስጥ ባሉት እርሻዎች ስድስት ዓመት ሙሉ ወጥ ሠርታልናለች። ሠላሳ ሰው የሚበላበትን ድስት ብቻዋን ታወርዳለች። የቋራ ልጅ ናት፤ ስትሳደብ ታስቃለች፣ ስታስቅ ደግሞ ትሳደባለች።

ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት ሠራተኛ የጫነ ሎሪ ጭቃ ላይ ተገለበጠ። እሷም ውስጡ ነበረች። አንድ አጥንት አልተሰበረባትም፣ ሁላችንም እግዜር ይመስገን አልን፣ አለቀ። አላለቀም እኮ! ከወር በኋላ ልቧ ዝም ብሎ ይደልቅ ጀመር። ትንፋሽ ያጥራታል፣ እጇ ይደነዝዛል፣ «ሞትኩ» ትላለች። ያኔ ዘሩ ተዘርቶ አጨዳ እስኪደርስ የእርሻ ሥራ ስለሌለ ቱነይድባ መጠለያ ካምፕ አጠገብ ሻይ ትሸጥ ነበር። መጀመሪያ ሻዩን ተወች፣ ቀጥሎ ገበያውን፣ በኋላ ከጎጆዋ መውጣቱንም ተወች። አራት ወር! የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ሃና ውሃ ስትቀዳ፣ ስታበስል፣ እናቷን ስትጠብቅ ትምህርቷን አቋረጠች። በመጨረሻ የሃና አክስት እናኑ መጥታ ልጅቱን ወደ መተማ ወሰደቻት።

ያዳናት ክብርኣብ ነው። ከትግራይ የተሰደደ ነርስ ነው፣ ካምፑ ክሊኒክ ውስጥ ጭንቀት የያዘውን ሰው ቁጭ ብሎ ያነጋግራል፣ የመንደሩንም ሰው ያያል። መጀመሪያ ሐኪም ልቧን አየና ደህና ነው አለ። ከዚያ ክብርኣብ በየሳምንቱ እያነጋገራት፣ የሸሸችውን ሁሉ ቀስ በቀስ እያስጀመራት፣ ከጎጆዋ አወጣት። ዘንድሮ ወደ እርሻ ተመለሰች። ከመተማ ጋር የተስማሙት አንድ ነገር ነው፤ ሰሊጡ ተሰብስቦ ሲያልቅ ሐመልማል እንደጸናች ከሆነ ሃና ትመጣለች። እናኑ ቁርጥ አድርጋ ነግራታለች፦ «ልጅቱን ሁለተኛ አስታማሚ አላደርጋትም»።

እንግዲህ እኛ አጨዳ ላይ ነን። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፣ ከደረሰ ካላጨድከው ይፈነዳል። ሁሉም ሰው ወገቡን ይዞ ነው የሚውለው፣ የሚያወራ እንኳን እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አጫጁ ስንሻው አንዴ ጎረሰና ተፋው።

«እትዬ፣ ፖርት ሱዳን ሄደሽ ነው እንዴ ያበሰልሽው? ባሕሩን እኮ ነው የጨለፍሽው!»

«ላንተ አንሶሃል! ላብህን እየመለስኩልህ ነው» አለችው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በማግስቱም ወጡ ጨው ሆነ። ሳያት ጊዜ ትጨምራለች፣ ትቀምሳለች፣ መጨመሯን ትረሳና ደግማ ትጨምራለች። እሳቱንም እንደዚያው፤ ውሃ ደፍታበት ትሄድና ትመለሳለች፣ በእግሯ ትበትነዋለች፣ ደግሞ ትመለሳለች።

«ደክሞሻል» አልኳት።

«ማን ያልደከመው አለ?» አለች። እውነቷን ነው። ድካም ሁላችንንም ስለሸፈነን የሷን ለይቶ የሚያይ ጠፋ። ወፍ ሳይንጫጫ ተነስታ ሽንኩርት ትልጣለች፤ እኛ ትጉህ ናት ብለን እናደንቃለን። ተመልከቱ እንግዲህ!

ውሃ የምናመጣው ከሀፊር ነው፣ ዝናብ ከሚያቆሩበት ትልቅ ጉድጓድ። ትራክተሩ ከኋላው ተሳቢ አለው፣ በርሜሎቹ እዚያ ላይ ይጫናሉ፣ አብሳይዋ አብራ ትሄዳለች፤ ለወጥ የሚሆነውን ንጹሑን መርጣ የምታስቀዳ እሷ ናት። ያን ሰሞን ሐመልማል መሄድ ተወች። መጀመሪያ ጉልበቴ አለች። ቀጥሎ ሊጡ ይበላሽብኛል አለች። በአራተኛው ቀን ጭቃ የሆነ ውሃ መጣና ሙዳሲር፣ የእርሻው ወኪል፣ ተናደደ።

«ያ ኡሙ ሃና፣ አንቺ የሃና እናት፣ ይሄ ሻይ ነው ውሃ ነው? ነገ አንቺ ትሄጃለሽ፣ ኸላስ፣ አለቀ!»

«ጉልበቴን ሙዳሲር...»

«ጉልበትሽ ወደ ወንዝ ማዶ ገበያ ሲሆን አያምም?»

ወደ ገበያውም እኮ በእግሯ ነበር የሄደችው! ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ፣ ሎሪ እያለፋት። ያኔ ነው እኔ የባነንኩት።

ቀትር ላይ ከማሽላው ጆንያ ጀርባ ተቀምጣ አገኘኋት። አንገቷ ላይ ያለውን የቆዳ ክታብ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች።

«ተመለሰብሽ?» አልኳት።

«አፍህን ያዝ ምስጋናው! አይመለስም። ይሄ እያለ አይነካኝም።»

«የየትኛው ደብተራ ነው?»

በጣም ደክሟት ይመስለኛል የተናገረችው። «የደብተራ አይደለም። የክብርኣብ ነው።»

አልገባኝም። ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሕክምናዋ ሲያልቅ ክብርኣብ አብሯት ቁጭ ብሎ ወረቀት ጻፈላት፤ ሕመሙ ሊመለስ ሲል አስቀድሞ ምን እንደሚያሳያት፣ ያኔ ምን እንደምታደርግ። ቃሉ የራሷ ነው፣ እሱ የጻፈው ብቻ ነው። እሷ ማንበብ አትችልም። «በየሰንበቱ የምታምኚው ሰው ያንብብልሽ» ብሏት ነበር። እሷ ግን አፈረች፤ ሰው ካነበበው እብድ ነበረች ይላሉ አለች። መጥፋትም የለበትም። ገላባት ቆዳ ሰፊው ጋ ወሰደችና እንደ ክታብ አሰፋችው። ሰባት ወር አንገቷ ላይ አለ፣ አንድ ቀን አልተከፈተም። እሱን ሳታስር ከቤት አትወጣም።

«እንክፈተው» አልኳት።

«ክታብ ይከፈታል? ኃይሉ ይወጣል!»

«እትዬ፣ ይሄ የሰው ልጅ በእስክሪብቶ የጻፈው ነው፣ ኃይሉ ሲያነቡት ነው! እኔ አምስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ አነባለሁ። ላንድ ሰው ብናገር ምላሴ ይቆረጥ!»

«አንተ? አንተ እኮ ያየኸውን ሕልም ሳትነቃ የምታወራ ነህ» አለችኝ። ግን ፈገግ ብላ ነው። ማጭዴን ወስዳ ራሷ ክሩን በጠሰችው።

ወረቀቱ በላቧ ወይቧል፣ ግን ይነበባል። ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩላት። «ሊመለስ ሲል፦ ከመንጋቱ በፊት እነቃለሁ፣ መተኛት እምቢ ይለኛል። ጨውና እሳት ደጋግሜ አያለሁ። መኪና ላለመውጣት ምክንያት እፈጥራለሁ።»

በጣቷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረች። ሦስቱም ነበሩ፤ ሦስቱንም ሁላችንም እያየን ነበር።

ቀጠልኩ። «ሁለቱ በአንድ ሳምንት ከመጡ፦ ለማምነው ሰው እነግራለሁ። ሻይና ቡና ከሁለት አላስበልጥም፣ ከቀትር በኋላ አልጠጣም። ትንፋሼን በአፍንጫዬ በዝግታ አስገብቼ ከዚያ አስረዝሜ አስወጣለሁ። ልቤ ቢደልቅ መሞት አይደለም፣ ከፍ ብሎ ይወርዳል። የሸሸሁትን በትንሽ በትንሹ እመለስበታለሁ። በሁለት ሳምንት ካልቀለለኝ፣ ወይም ከቤት መውጣት ካቃተኝ፣ ሳልጠብቅ ወደ ክብርኣብ እሄዳለሁ። ቢመለስ ጥፋቴ አይደለም፣ የለፋሁትም አልጠፋም።»

«የመጨረሻዋን ድገማት» አለችኝ። ደገምኳት።

«እሱን ብያለሁ እንዴ እኔ?» አለች፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

እዚያው ጆንያው ሥር ትንፋሹን ሞከርን። እሷ በኃይል ትምገዋለች፣ እንደ ወናፍ! ወዲያው አዞራት። ወረቀቱን ደግሜ አየሁ፣ «እትዬ፣ በዝግታ ነው እኮ የሚለው፣ ማስወጣቱን ነው የምታስረዝሚው» አልኳት። «ትኩስ ሾርባ እንደማቀዝቀዝ?» አለች። እንደዚያ ሲሆን ገባት።

ሦስት ቀን እንዲታገሳት ሄጄ ሙዳሲርን ለመንኩት። እሷ ልካኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። «አይ» ስለው «እንግዲያው እሷ ትንገረኝ» አለ። ነገረችው። እሱ ጺሙን አከከና «እናቴም ከጦርነቱ ወዲህ እንደዚህ ናት፣ በር ሲንኳኳ ትወድቃለች። ማሌሽ፣ አይዞሽ፣ ቀስ በይ» አላት። ከዚያ በኋላ አልጮኸባትም።

የመጀመሪያው ቀን የቆመው ተሳቢ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ ሞተሩ ጠፍቷል። ሽንኩርቷን እዚያው ላጠች። ስንሻው አይቷት «እትዬ፣ ይሄ ሎሪ መቼ ነው የሚነሳው?» ሲል «አንተ ገላህን ስትታጠብ» አለችው። ሁለተኛው ቀን ሞተሩ ተነስቶ ባለበት ቆመ። ሦስተኛው ቀን ግማሽ መንገድ ሄዳ፣ ወርዳ አስታወከች፣ ከዚያ መልሳ ወጣች። እንደ ቀላል አትዩት፤ ያን ቀን አጨዳ ከዋልነው ሁላችን የበለጠ የደከመችው እሷ ናት። በአራተኛው ቀን ሀፊሩ ድረስ ሄዳ ውሃ መረጠች፣ ውሃውም ንጹሕ ነበር።

ጨውና እሳቱ በሳምንት ቀነሰ። እንቅልፏ ግን አልተመለሰም። ሁለት ሳምንት ሞላ። እኔ ገና አንድ ሳምንት እንጠብቅ አልኩ፣ አጨዳው ሊያልቅ ነው፣ ደግሞ ደህና ሆናለች። እሷ «ሁለት ሳምንት ነው የሚለው» አለችኝ። ዓርብ ቀን በሎሪ ግማሽ ቀን ተጉዘን ቱነይድባ ገባን፤ መንገዱን ሙሉ የሎሪውን ጎን በሁለት እጇ ይዛለች።

ክብርኣብ ራሱ ዓይኑ ቀልቷል፣ በረንዳው ላይ የተሰለፈው ሰው አያልቅም። ስለ ክታቡ ስትነግረው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወ። «ጥፋቱ የኔ ነው ሓፍተይ፣ እህቴ። ማንበብ ለማትችል ሰው ወረቀት ሰጠሁ።» ከዚያ ጠየቃት፦ «ሳታስሪው ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«አልወጣሁም።»

«እሱም መሸሽ ነው። ልብሽ ያዳነኝ ቆዳው ነው ካለ፣ ራስሽን አታምኚም።»

አዲስ ካርቶን አውጥቶ አሣላት፤ ክፍት ዓይን፣ የጨው ማንኪያ፣ ጎማ። ከሥራቸው ደግሞ የምታደርገውን፤ ሁለት ብርጭቆ፣ ሁለት ሰው ሲያወሩ፣ የሱ ክሊኒክ በር። ሥዕሉ ያስቃል፣ ጎማው ዳቦ ይመስላል። ኩሽናው ግድግዳ ላይ ስቀይው፣ እሑድ እሑድ ደህና ብትሆኚም እይው አላት። በየወሩም አንድ ቀን እንድትመጣ ቀጠራት። «አጨዳ ሲመጣ፣ ድካም ሲበዛ ሊጎበኝሽ ይችላል። በር ላይ ካወቅሽው ግን ቤት አይገባም።»

የሰሊጡ ነዶ ተራግፎ ሲያልቅ ሐመልማል ወደ እናኑ ደወለች። አጠገቧ ነበርኩ። ድኛለሁ ብትል ማን ያውቅባታል? አላለችም። «ተመልሶብኝ ነበር። አወቅሁት፣ ሄድኩ። አሁን ሌሊቱን ግማሹን እተኛለሁ» አለቻት። «ሐሙስ ገላባት ድረስ አመጣታለሁ» አለች እናኑ።

ሐሙስ እለት ሃና በኬላው በኩል መጣች። ቁመቷ እናቷን ሊደርስ ምንም አልቀረው። ተቃቀፉ፣ ብዙም አላለቀሱም፣ ሁለቱም ደክሟቸዋል። ሎሪው ሞተሩን አስነስቷል። ሃና ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ እናቷን።

«አሁንም ትፈሪያለሽ?»

«አዎ» አለች ሐመልማል። «አንቺ ቀድመሽ ውጪ፣ ቦታ ሳይሞላ። ቀጥዬ እወጣለሁ።»