ለድንጋዩ ደብር የጻፍኩት ምስክርነት

ወረታ አስተማሪ ሆኜ በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት ስለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ጻፍኩ። የጻፍኩት እንዳይፈርስ ብዬ ነበር። ፈረሰ። ያፈረሱትም የእኔን ወረቀት ይዘው ነው።

ደብሩን በስሙ አልጠራውም፤ ልጆቻቸው ዛሬም እዚያው አሉ። ከወረታ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ይሆናል። በፎገራ ሜዳ መካከል ካለች ጉብታ ላይ የቆመ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ጣሪያው ሣር ነው። ውስጡን፣ የመቅደሱ ግድግዳ በውጭ ገጹ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል።

የዚያው አገር ተወላጅ የሆነ፣ አዲስ አበባ በንግድ የከበረ ሰው መጣና «በሲሚንቶና በቆርቆሮ አዲስ ላሠራላችሁ» አለ። ሰዉ እልል አለ። አልፈርድበትም፤ የሣሩ ጣሪያ በየክረምቱ እያፈሰሰ ካህናቱ ጥላ ይዘው የሚቀድሱበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን ሰውየው አዲሱ የሚሠራው አሮጌው ፈርሶ በቦታው ላይ ካልሆነ አልሠራም አለ። የደብሩ አለቃም ባላባቶቹም ተስማሙ።

ያልተስማሙት የኔታ ነበሩ። የደብሩ የዜማ መምህር ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውለው ትምህርት ቤት ድረስ መጡና ከክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

«አንተ የመንግሥት ደብዳቤ አጻጻፍ ታውቃለህ ሲሉ ሰማሁ።»

«ትንሽ አውቃለሁ፣ የኔታ። ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም። አዲስ አበባ የጥንት ነገር የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት አለ ይላሉ። ጻፍልኝ።»

ጻፍኩላቸው። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ተመዝግቦ እንዲጠበቅ ከተፈለገ ዝርዝር መግለጫ ይቅረብ ይላል፤ ማን አሠራው፣ መቼ፣ በምን ተሠራ፣ ምን ሥዕልና ምን መጻሕፍት አሉት፣ አሁን ያለበት ሁኔታ እንዴት ነው፣ ሕዝቡ ምን ይገለገልበታል፣ ቢፈርስ ምን ይጠፋል። መግለጫውም በአውራጃው ጽሕፈት ቤት በኩል ይላክ ይላል።

ሦስት እሑድ ተመላለስኩ። ዙሪያውን በገመድ ለካሁ፣ የበሮቹንና የመስኮቶቹን ቦታ በወረቀት ነደፍኩ። መቅደሱ ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድልኝ የኔታ ገብተው እየወጡ የውስጡን ይነግሩኛል። ሥዕሎቹን ግን በጧፍ ብርሃን አንድ በአንድ አሳዩኝ። በምዕራብ በኩል፣ ከፈረሰኞቹ ቅዱሳን እግር ሥር፣ ቀንዳቸው ረዣዥም የፎገራ ላሞች ተሥለው ነበር። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ አላየሁም፤ ይህንንም ጻፍኩ።

«ማን አሠራው ልበል?» አልኳቸው።

«ንጉሥ ነው ይላሉ።»

«የተጻፈ አለ?»

«የለም። ከአባቶቼ የሰማሁት ነው።»

«እንግዲያው በአፍ የሚነገር ነው ብዬ ልጻፍ።»

ደስ አላላቸውም፣ ግን «እውነቱ እሱ ነው» አሉ።

በደቡቡ በር፣ በሴቶቹ መግቢያ፣ አንዲት አሮጊት ደፉን ተሳልመው ሲነሱ አገኘኋቸው። ይህ ቤት ቢፈርስ ምን ይጠፋብዎታል ብዬ ጠየቅኋቸው። ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ መሐሉ በመሳለም ብዛት ጎድጉዷል።

«እናቴም የሳመችው ይህንኑ ነው» አሉኝ። «ሌላ ምን ልንገርህ?»

ቃላቸውን እንዳለ አሰፈርኩት። ከጻፍኩት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

ከዚያ «አሁን ያለበት ሁኔታ» የሚለው ላይ ደረስኩ። ከጣሪያው በሚንጠባጠብ ውኃ ከመሠረቱ ሥር ያለው መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር፣ እያበጠና እየተሰነጠቀ የሰሜኑን ግድግዳ ወደ ውጭ ገፍቶት ነበር። ደብቄ ባልፈው ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባለሙያ አይቶ ሌላውንም ሐሰት ይለዋል ብዬ ሰጋሁ። እንዲህ ጻፍኩ፤ «የሰሜኑ ግድግዳ ወደ ውጭ አብጧል፣ ሁለት ስንጥቅም አለበት። ሆኖም ጣሪያው ቢታደስና ውኃው በቦይ እንዲሄድ ቢደረግ በቀላሉ የሚጠገን እንጂ ለማፍረስ የሚያደርስ አይደለም።»

በሁለት ቅጂ ጻፍኩት። አንዱን እኔ ያዝኩ፣ አንዱን ወደ አውራጃው ከተማ ወደ አዲስ ዘመን ወስጄ ለጽሕፈት ቤቱ አስረከብኩ። የተቀበለኝ ጸሐፊ የደብሩ አለቃ ዘመድ መሆኑን አላወቅሁም።

በወሩ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ እንዳይበተን ተባለ። አለቃው ዐውደ ምሕረት ላይ ወጥተው ጸሐፊው ገልብጦ የሰጣቸውን ወረቀት አወጡ።

«አይፍረስ የሚሉት ሰዎች ራሳቸው ለመንግሥት የጻፉትን ስሙ» አሉ። «የሰሜኑ ግድግዳ ወደ ውጭ አብጧል፣ ሁለት ስንጥቅም አለበት።» ወረቀቱንም አጣጥፈው ያዙት። «ልጆቻችሁ ላይ እስኪወድቅ ነው የምትጠብቁ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «ይፍረስ! ይፍረስ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተነሣ።

ቅጂዬ በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። የኔታ በሕዝቡ መካከል አንገታቸውን አዙረው ፈለጉኝና አዩኝ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ግን በዚያው ሳምንት ጠርቶኝ «በደብር ጠብ ውስጥ ምን አገባህ? ባለጸጋው ለኛም ሁለት ክፍል ሊሠራልን ነው። አንተ ደግሞ ቋሚነትህ ገና አልጸደቀም» ብሎኝ ነበር። እጄ ኪሴ ውስጥ ወረቀቱን እንደጨበጠ ቀረ። ቀና ብዬ የኔታን ማየትም አልቻልኩም።

ታቦቱ ጊዜያዊ ማደሪያ፣ መቃኞ፣ ተሠርቶለት ወጣ። ማፍረሱ በሰሜን በኩል ተጀመረ፤ እሱ ደካማ ነው ተብሏልና። ሃያ የሚሆኑ ጎልማሶች በድጅኖና በዶማ አራት ቀን ታገሉት። ኖራው ድንጋዩን አልለቅም አለ። አንዱ ላቡን እየጠረገ «ይህ ነው እንዴ የሚወድቀው?» ሲል ሰማሁት፤ የሳቀ አልነበረም፤ ሥራውን ያቆመም አልነበረም። ሥዕሎቹ የተሣሉበት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጨርቅ ሲላቀቅ ተቀደደ። ደህና ደህናውን ባለጸጋው ጠቅልሎ በመኪናው ጫነ። ላሞቹ የተሣሉበት ቁራጭ ወለሉ ላይ ተረጋግጦ ዐፈር ሆነ። የሴቶቹን ደፍ ድንጋይ ከሌላው ጋር ሰባብረው ለአዲሱ መሠረት ጨመሩት።

ከአዲስ አበባ ደብዳቤ የመጣው ግድግዳው ሁሉ ፈርሶ ካለቀ በኋላ ነው። መግለጫው ተመርምሮ ቤተ ክርስቲያኑ ሊጠበቅ የሚገባው ሆኖ ስለተገኘ ባለሙያ እስኪላክ ማንም እንዳይነካው ይላል። በተለይም በምዕራብ በኩል ስላሉት ሥዕሎች ተጨማሪ ማብራሪያ ይጠይቃል። ደብዳቤው አዲስ ዘመን ስንት ቀን እንደተቀመጠ የነገረኝ የለም።

ይዤው የኔታ ጎጆ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው።

«ደግ ጽፈህ ኖሯል» አሉ።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ያን እሑድ የጻፍከው አብሮህ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «ነበር» አልኳቸው።

መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ። ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ ክንዳቸውን አራቁ።

«እግዜር ይፍታህ» አሉኝ። «ከእንግዲህ ግን ወደኔ አትምጣ።»

በዓመቱ ቋሚነቴ ጸደቀ። ዝውውር ጠይቄ ወደ ደብረ ታቦር ሄድኩ። የኔታ ያረፉት ያን ጊዜ ነው፤ የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነበር።