አንድ ጥያቄ፣ ብዙ ካርታ

ልብስ ሰፊዋን ደንበኞቿ «እትዬ አንዴ» የሚሏት ቀሚስ አንዴ ብቻ ስለምትለካ አይደለም፤ ቀሚስማ ሦስቴም አራቴም ትለካለች። ስሙ የወጣላት በካርታው ነው። ቀን ቀን መስኮት ሥር ካለው የስፌት መኪናዋ አትነሳም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ጨርቅ የምትቆርጥበትን ጠረጴዛ ጠረግ አድርጋ፣ ዕድሌን እይልኝ ለሚላት ሁሉ ካርታ ትዘረጋለች። ያው ሰው ለዚያው ጉዳይ በሳምንቱ ተመልሶ ከመጣ ግን ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ፣ «አንዴ ነው» ትላለች። «ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ? ከሌለ ካርታውም አዲስ ነገር የለውም።» የተቀየመም አለ፣ የሳቀም አለ፤ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም።

ይህን ሕግ ያፈረሰችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከጨቅላነቷ ጀምሮ ላሳደገቻት ለእህቷ ልጅ።

ልጅቱ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከመደርደሪያው ጀርባ ስትቆም ሌላ ሰው ነች፤ ቆፍጠን ያለች፣ ነገር የማትደጋግም። የምትወደው ሰው ደግሞ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ዝምተኛ ነው፣ ከአፉ ቃል የሚወጣው ተቆጥሮ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ጠብቆ፣ ሩቅ ወዳለ ከተማ መዛወሩን ነገራትና፣ «አብረሽኝ ብትሄጂ ደስ ይለኛል። አስቢበትና ንገሪኝ» አላት። ከዚያ በላይ አልጨመረም።

ሌላ ሴት ብትሆን በዚህ ትደሰት ነበር። እሷ ግን ማታ አክስቷ ፊት ቁጭ ብላ፣ «እወድሻለሁ አላለኝም እኮ» አለች። «ብቻውን መሄድ ፈርቶ እንደሆነስ? እስቲ ካርታውን እይልኝ፤ ይወደኛል?»

አክስትየው ካርታውን አወጣች። ልጅቱን የምትወክለውን የልብ ንግሥት መሐል ላይ አኖረችና የቀረውን ሰጠቻት። ልጅቱ ጥያቄዋን በልቧ ይዛ በወዘችው፤ በግራ እጇም ከፈለችው። አክስትየው ከላይ ከላይ እያነሳች በንግሥቲቱ ዙሪያ አራት ካርታ ዘረጋች። በግራ ያለፈው፣ በቀኝ የሚመጣው፣ ከራስጌ በሐሳቧ ያለው፣ ከግርጌ ደግሞ የቆመችበት መሠረት ነው። በግራ የልብ ሰባት ወጣ። ከራስጌ የስፔድ ዘጠኝ፣ ከግርጌ የልብ ንጉሥ፣ በቀኝ የአበባ አስ።

«በይ ስሚ» አለች አክስትየው። «ያለፈው ፍቅር ነው፣ እሱን ታውቂዋለሽ። ሰውየው ከግርጌሽ ነው፣ ደግፎ ይዞሻል። ስፔድ ፍርሃት ነው፤ የወጣው ግን ካንቺ ራስ በላይ እንጂ ከሱ ዘንድ አይደለም። የሚመጣው አበባ ነው፤ አበባ ንግግር ነው፣ አሱ፣ ባለ አንዱ ካርታ፣ ደግሞ የመጀመሪያው ቃል። ሂጂና ጠይቂው።»

«ይወደኛል ማለት ነው?»

«ካርታ አዎ ወይም የለም አይልም። ጠይቂው ነው የሚለው።»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። ተኛች ቢባልም ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፣ በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ አለች። «ትናንት ስበውዝ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር መሰለኝ። እንደገና እንየው።»

እትዬ አንዴ «አንዴ ነው» ማለት ነበረባት። አፏ ላይም መጥቶ ነበር። ነገር ግን ልጅቱ ዓይኗ አብጧል፣ ምሳም አልበላችም። አንጀቷን በላቻትና ካርታውን ሰጠቻት። ስህተቱ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የተወለደ ነው።

የዚያን ቀን ንጉሡ ጭራሽ አልወጣም፤ በቀኝ በኩል ስፔድ መጣ። ልጅቱ አለቀሰች። በሌላው ቀን ንጉሡ ከራስጌ ወጣ፣ በቀኝም የልብ አስ ተከተለው፤ እየዘፈነች ሳህን አጠበች። ጠዋት ላይ ግን፣ «ትናንት ደስ ያለኝ ያው ካርታ ከትናንት ወዲያ አስለቅሶኛል። የትኛውን ልመን?» አለች። ጥያቄው ልክ ነበር። መልስ ፍለጋ የሄደችው ግን ወደዚያው ጠረጴዛ ነው። ሁለት ቀን በተከታታይ አንድ ዓይነት መልስ ካገኘሁ እነግረዋለሁ ብላ ወሰነች። ሁለት ቀን ተመሳስሎም አያውቅም።

አክስትየው ነገሩ ሲበላሽ እያየች ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሌሎችን የከለከለችው ይህን ስለምታውቅ ነው። ጠያቂ መጀመሪያ ሲጠይቅ በእርግጥ ማወቅ ይፈልጋል፤ ካርታውም የዚያን ቀን ሁኔታውን ያሳያል። በማግስቱ ሲመለስ ጥያቄው ያው ይመስላል እንጂ ያው አይደለም። አሁን የሚጠይቀው «ይወደኛል?» ብሎ ሳይሆን «ትናንት ያልሽኝ እውነት ነው?» ብሎ ነው። የወጣው ካርታ ለየትኛው ጥያቄ እንደመለሰ ካርታ አንባቢዋም አታውቅም። በሁለቱ ቀናት መካከል ሰውየው ዘንድ ምንም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የጠያቂዋ ጭንቀት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ካርታው መልሶ የሚያሳያት የራሷን ጭንቀት ነው። እሷም ያንን የሰውየው ልብ አድርጋ ትወስደዋለች።

ከሁሉ የከፋው ግን የአንባቢዋ ዓይን ነው። ልጅቱ ምን መስማት እንደምትፈልግ አክስትየው አሁን በደንብ ታውቃለች። ስፔድ ሲወጣ «ትንሽ መዘግየት ነው» ትላለች፤ ለሌላ ደንበኛ ቢሆን ስፔድን ስፔድ ነበር የምትለው። ግልጽ ያልሆነ ካርታ ሲመጣ ልጅቱ፣ «በላዩ አንድ ጨምሪበት፣ ይብራራ» ትላለች። ይጨመራል። የተጨመረውም አይገባም፤ በሱም ላይ ሌላ ይጨመራል። ጠረጴዛው ግማሹ በካርታ ተሸፍኖ ከመሐል ንግሥቲቱን ማግኘት ያቅታል። እዚያ ውስጥ ሁሉም አለ፤ ፍቅርም ክህደትም ገንዘብም መንገድም። ሁሉም ያለበት ነገር ምንም አይናገርም።

አንድ ቀን መክራ ለማስቆም ሞከረች። «አንቺ ልጅ፣ ከካርታው ሩቡ ልብ ነው። ደጋግመሽ ከሳብሽ ልብ ይመጣል፤ የሚመጣው ውስጡ ስላለ ነው እንጂ ሰውየው ስለወደደሽ አይደለም። ስፔዱም እንደዚያው። ለመሆኑ አንቺ እዚያ መድኃኒት ቤት፣ አንዲት ሴት ራስ ምታቴ ቶሎ አልተወኝም ብላ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ክኒን ልዋጥ ብትልሽ ምን ትያታለሽ?»

«እጮህባታለሁ» አለች ልጅቱ።

«ታዲያ?»

«ይሄ ክኒን አይደለማ» አለችና ካርታውን መበወዝ ጀመረች። አክስትየው ልትነጥቃት እጇን ዘረጋች፤ ግን አልነጠቀችም። ብከለክላት ሌላ ካርታ አንባቢ ዘንድ ትሄዳለች፣ ያቺ ደግሞ ታበላሻታለች ብላ ፈራች። ከዚህ በላይ ምን ሊበላሽ እንደሚችል ግን ራሷን አልጠየቀችም።

ሹፌሩ በዚህ መሐል ሁለት ጊዜ ደወለ። ልጅቱ «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» ብላ ዘጋችበት። ጊዜውን ሰጣት። ሰውየው የሰጠውን ቃል የሚጠብቅ ዓይነት ነው።

የሚሄድበት ቀን ሲቃረብ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ራሱ ደረጃውን ወጥቶ ወደ ስፌት ቤቱ መጣ። ጃኬቱን ክንዱ ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ የዚህ ዚፕ ተበላሽቷል» አለ። አክስትየው ዚፑን ሳብ አድርጋ አየችው፤ ምንም አልሆነም። እሱም ምንም እንዳልሆነ ያውቃል። ወንበር ሰጠችው።

«እርስዎ ያሳደጓት ልጅ ናት» አለ። «ካልፈለገችኝ አላስቸግራትም። ግን እንቢም አላለችኝ፣ እሺም አላለችኝ። እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው፤ ምን እየጠበቀች ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ጋለ። በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ያለውን ካርታ እየጠበቀች ነው እንዴት ይባላል? «ራሷን ጠይቃት። አሁን ትመጣለች» አለችው። ደስ አላት። ያ የመጀመሪያው ቀን የአበባ አስ ቃሉን ይዞ በእግሩ የመጣ መሰላት።

ልጅቱ ገባች። ስታየው ፊቷ በራ። አክስትየው ያንን ፊት በደንብ አየችው፤ ለማንም ሰው በቂ መልስ ነበር። ሹፌሩ ተነሣና፣ «ለመናገር ብዙ አልችልበትም» አለ። «እኔ እወድሻለሁ። ይህን አስቀድሜ ማለት ነበረብኝ። አንቺስ ትወጂኛለሽ?»

ታች መንገዱ ላይ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ያን ሁሉ ቀን «ይወደኛል?» ሲባል ከርሞ፣ ይህኛውን ጥያቄ ልጅቱን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ አክስቷም ብትሆን። ልጅቱ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዞር ብላ ወደ አክስቷ አየች። መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ እጆቿን፣ በመጨረሻም የጠረጴዛውን መሳቢያ አየች።

«እስከ ነገ ብትታገሠኝ» አለችው።

ሹፌሩ መሳቢያው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። የሚያውቀው ቢኖር ሴት ልጅ ትወጂኛለሽ ስትባል ዓይኗን ወደ ሌላ ከመለሰች መልሱ ምን እንደሆነ ነው። ጃኬቱን አነሳ። «ገብቶኛል» አለ፣ ያለ ቁጣ። እትዬን እጅ ነስቶ ወጣ።

«ምኑ ነው የገባው?» አለች ልጅቱ። «አክስቴ፣ ምኑ ነው የገባው? ተቀየመ እንዴ? ይመለሳል?»

«ሂጂ!» አለቻት አክስቷ። «ገና ደረጃው ላይ ነው። ኮቴው ይሰማኛል። ሂጂና የምትይውን በዪው።»

ልጅቱ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደች። ቆመች። ከዚያ ተመልሳ መሳቢያውን ሳበች፣ ካርታውን አውጥታ በፍጥነት በወዘችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣም በግራ እጇ ከፈለችው። ሁለቱን ክምር ወደ አክስቷ ገፋች። «ይመለስ እንደሆነ ብቻ እይልኝና እሮጣለሁ» አለች።

አክስትየው ካርታውን አልነካችም። ጆሮዋን ወደ ደረጃው ጣለች። የውጭው በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሁለቱም ሰሙት፤ ልጅቱ ግን ዓይኗን ከካርታው ላይ አላነሳችም።