ዕጣ የሌለው ዕቁብ

እታለም ስሟ አይደለም። ታናሽ ወንድሟ ከአገር ቤት በደወለ ቁጥር እንደዚያ ሲላት እየሰማን እኛም ተቀበልነው፤ አሁን አለቃችን ሳይቀር ምላሱ እየተጠላለፈ እንደዚያው ይጠራታል። የምንሠራው የሆስፒታል ልብስ በሚታጠብበት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው። እሷ እርጥቡን አንሶላ ወደሚተኩሰው ማሽን ታስገባለች፣ እኔ በወዲያ በኩል ሆኜ ትኩሱን ተቀብዬ አጥፋለሁ። አንሶላ ማስገባት ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለቱን ጫፍ ይዞ፣ ክንድን ከትከሻ በላይ አንስቶ፣ ወጥሮ መልቀቅ ነው። ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲሆን ግን ትከሻ ያልቃል። የእታለም ቀኝ ትከሻ ካለቀ ቆይቷል። ሁለት ሴቶች ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ስለምንኖር፣ ከሥራ ስንገባ ሹራቧን የማወልቅላት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ይህን ጉዳይ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ንዴቱም የእኔ ነው፤ እሷ እንደሆነች መናደድ አልፈጠረባትም።

ነገሩ የጀመረው በማጠቢያ ቤቱ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ይህች ሴት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እታለምን ትወዳታለች። አንድ ቀን ደሞዟ ባንክ ተቀምጦ የኑሮ ውድነት እየበላው መሆኑን ነገረቻትና ስለ አንድ የጋራ ፈንድ አስረዳቻት። ፈንዱ የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ፣ በብዙ አገር ካሉ በሺህ ከሚቆጠሩ ኩባንያዎች ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ድርሻ ይገዛል። የሚያስከፍለው ጥቂት ነው። አንዱ ኩባንያ ቢከስር ሌላው ስላለ አይሰማሽም አለቻት። ግን ደግሞ አልደበቀቻትም፤ ሁሉም አብሮ የሚወርድበት ዓመት ይመጣል፣ ስለዚህ በቅርብ የምትፈልጊውን ገንዘብ እዚያ አታስገቢ፣ ይህ የሩቅ ገንዘብ ነው፣ የእርጅና ነው አለቻት። እታለም ከዚያ ወር ጀምሮ ደሞዟ በገባ ማግስት ትንሽ ትንሽ እየተቆረጠ ወደዚያ እንዲሄድ አደረገች። ትከሻዋ ጡረታ እስክትወጣ እንደማይጠብቃት ታውቅ ነበር።

እናቷ ግን እናት ናቸው፤ ይጠይቃሉ። የጎረቤት ልጅ ለእናቷ ይህን ላከች፣ የእገሊት ልጅ ያን ሠራች ሲባል ይሰማሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጄ የምታተርፊው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል አሏት። እታለም አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኩን እያየች አሰበች። የሺህ ኩባንያ ድርሻ ብላ ለእናቷ ከየት ትጀምር? ለእኔ ነው፣ ለእርጅናዬ ነው ማለትም አንድ ነገር ነበር፤ ግን እናቱ በኪራይ ቤት እያረጀች ስለ ራሱ እርጅና የሚያወራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ዕቁብ ገብቻለሁ እማዬ» አለቻቸው። ትልቅ ነው፣ ብዙ ሰው አለበት፣ ዳኛው የታወቀ ነው።

እናት ደስ አላቸው። ዕቁብ ይገባቸዋል። ከዚያ ወዲያ በየስልኩ፣ ከጤንነት ቀጥሎ፣ «ዕጣሽ አልወጣም?» ይሉ ጀመር። እኔም በዚህ እቀልድባት ነበር፤ ዕጣ የሌለው ዕቁብ አንቺ ብቻ ነሽ የገባሽው እላት ነበር። ትስቃለች። እንዲህ እየሳቅን ዓመታት ሄዱ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ካቻምና የአክሲዮን ገበያው ወረደ። የሂሳብ ሠራተኛዋ እንዳለችው ሁሉም አብሮ ነው የወረደው፤ ከነበረበት አንድ አምስተኛ ያህሉ ሄደ። እታለም ስልኳን አይታ መልሳ ኪሷ ከተተችው። ካልሸጥሽው አልከሰርሽም፣ ታገሺ ተብላለች፤ መታገስ ደግሞ ታውቅበታለች። ወንድሟ የደወለው ልክ በዚያ ሰሞን ነው።

ወንድሟ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ነበር ልበል። የእናታቸው አከራይ ልጁን ሊድር ነውና ክፍሉን ልቀቁልኝ ብሏል። ከከተማቸው ገበያ ጀርባ አራት ክፍል ቤት ለሽያጭ ወጥቷል፣ ካርታ ያለው፣ ዕዳ የሌለበት፤ ባለቤቱ ቸኩሏል። እናት ደግሞ ለባለቤቱ፣ የልጄ ዕቁብ ይህን ያህል ዓመት ተጥሎ ዕጣዋ ስላልወጣ የቀራት የመጨረሻው ነው፣ ዘንድሮ ይወጣል ብለው አረጋግጠውለታል። እውነታቸውን ነው፤ በእሳቸው ሂሳብ እንዲያ ነው የሚሆነው። ወንድም ባጃጁን ሸጦ ቀብድ ከፈለ። ቀሪው በሁለት ወር ካልተከፈለ ቀብዱ ይቀራል የሚል ውል ፈርሟል። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ነው የደወለው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብዬ ልሰድበው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

እታለም ዕቁብ እንዳልሆነ ለእሱ ነገረችው። ፈንዱን እንደምንም አስረዳችው። እሱም ሳቀና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው እንግዲህ» አላት። ቤት ግን ይታያል፣ ቤት አይወርድም አለ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወደ ሂሳብ ሠራተኛዋ ቢሮ ይዣት ሄድኩ። ሴትየዋ ነገሩን ሁሉ ከሰማች በኋላ አልፈረደችባትም። አሁን ከሸጥሽ የወረደውን እንደወረደ ታስቀሪዋለሽ አለች፤ ቀድሞ ካስገባችው አንፃር አሁንም ትርፍ ስላለው ከትርፉ ላይ ግብር አለበት። ቤቱ አንድ ነገር ነው፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ አገር ገንዘብ። ዋጋው ጨመረ የሚባለው በዚያ አገር ገንዘብ ሲቆጠር ነው፤ ገንዘቡ ራሱ እየረከሰ ስለሄደ ወደዚህኛው ሲመለስ ጭማሪው ብዙ አይደለም። እናትሽ ይኖሩበታል እንጂ አይከራይም። ፈንዱን ስትፈልጊ ቆርሰሽ ትሸጫለሽ፣ በጥቂት ቀን ገንዘቡ እጅሽ ይገባል፤ ቤት ተቆርሶ አይሸጥም። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ፣ ለእናት ቤት መግዛት ነውር የለውም፣ እኔም አደርገዋለሁ፣ ብቻ ለእርጅናዬ ነው ብለሽ ራስሽን እንዳትሸነግዪ አለቻት። ሦስተኛ መንገድም አሳየቻት። ከፈንዱ ጥቂቱን ብቻ ሽጣ የወንድሟን ባጃጅ ትተካ፣ ለእናቷ ደህና ቤት ትከራይ፣ ቀብዱ ይቅር፣ ሌላው ባለበት ይቆይ።

ይህ ሁለታችንንም አሳመነን። እየተመለስን እታለም ትከሻዋን ይዛ፣ እሑድ ለእማዬ እውነቱን እነግራታለሁ አለች። የምትለውንም አብረን አጠናን። መጀመሪያ ዕቁብ አይደለም ትላለች፣ ቀጥላ የእርጅናዬ ነው ትላለች፣ ከዚያ ስለ ኪራዩ ታወራለች። ሦስት ነገር ብቻ ነበር።

እሑድ ደወለች። ድምፁን ለእኔም እንዲሰማ ከፍታዋለች። ዕቁብ አይደለም እማዬ፣ ዳኛ የለውም፣ ዕጣ የለውም፣ በፈለግሁ ቀን ማውጣት እችላለሁ አለች።  

«ታዲያ እስከ ዛሬ በእጅሽ ነበር ማለት ነው?» አሉ እናቷ። ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖረው ምን ነበረበት። «ባለፈው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስብኝም በእጅሽ ነበር?»

እታለም አፏን ከፈተች። እኔ አልጋው ላይ ሆኜ በእጄም በቅንድቤም፣ በዪ፣ የእርጅናዬ ነው በዪ እላታለሁ። ስልኩን ነጥቄ እኔው ልናገር ምንም አልቀረኝ። እሷ ግን ስለ ራሷ አንድ ቃል ሳትናገር፣ «ቤቱን እገዛዋለሁ እማዬ» አለች።

ሰኞ ፈንዱ ይሸጥ ብላ አዘዘች፣ ሁሉም። የሂሳብ ሠራተኛዋ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግማሹን እንኳ ብላ ጠየቀቻት። ግማሹ ለቤቱ አይበቃም ነበር። የተሸጠው በዚያ ቀን ገበያው በተዘጋበት ዋጋ ነው፣ ያም ካለፈው ሳምንት የባሰ። ገንዘቡ ሲገባ በባንክ ላከችው። ለወንድሟ የላከችው ውክልና ላይ ግን አልተሸነፈችም፤ በስሟ ገዝቶ ለማስመዝገብ ብቻ እንጂ መሸጥም ማስያዝም እንዳይችል አድርጋ በቆንስላ አስጻፈችው። ወንድሟ ትንሽ አኮረፈ፣ ከዚያ ተወው። ካርታው በስሟ ወጣ። ከተረፈው ላይ ያገለገለ ባጃጅ ተገዛለት።

እናት ገቡበት። ግድግዳውን፣ በሩን፣ የውሃ ቧንቧውን በስልክ አሳዩን። ደስታቸው ደስ ይላል፤ ውሸት አልናገርም፣ እኔም አለቀስኩ። ገበያው በዓመቱ ወደ ነበረበት ተመለሰ፣ አልፎም ሄደ። የእኔ ጥቂት ገንዘብ እዚያው ስላለ አየዋለሁ። ለእታለም አልነገርኳትም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ስል እሷ ታውቃለች።

አሁን ትርፍ ሰዓት ትሠራለች። ፈንዱንም እንደገና ጀምራለች፣ ከበፊቱ ባነሰ። ባለፈው እሑድ እናቷ፣ አሁን ደግሞ ለምንድን ነው ትርፍ ሰዓት የምትሠሪው፣ ቤቱ ተገዛ እኮ፣ አርፈሽ አትበዪም ወይ አሏት። ሰው ሲደክመው አንዳንዴ መዋሸትም ይደክመዋል መሰለኝ።

«ለእኔ ነው እማዬ» አለች። «ትከሻዬ አልቋል። የቤቱ ገንዘብ የእርጅናዬ ነበር፤ አሁን እንደገና እያጠራቀምኩ ነው።»

 እናት በቀስታ፣ «ያኔ እንዲህ ብትዪኝ ምን ነበረበት ልጄ?» አሉ። «ዕቁብ ስትዪኝ እኮ ለቤት መስሎኝ ነው። ጡረታሽ መሆኑን ባውቅ በኪራይ ቤት እሞት ነበር እንጂ አልቀበልሽም ነበር።»

«አፌ አልደፍር አለኝ» አለች እታለም።

 ስልኩ ሳይዘጋ አጠገቧ ሄጄ ቀኝ ትከሻዋን አሸሁላት።