ኮስታሪካ የቀረው ስልክ

መስቱራ ከመርካቶ ሎንደን፣ አርችዌይ ከሚባለው ሰፈር ከመጣች አምስት ወር ሆኗታል፤ ስልኳ ግን አብሯት አልመጣም ነበር። እጇ ላይ ነበር እንጂ ልቡ እዚያው ቀርቶ ነበር ማለቴ ነው። እኔ ተክለአብ ደግሞ ጎረቤቷ ነኝ፤ አምስተኛ ፎቅ፣ ከበሯ ፊት ለፊት። አስመራ በአማርኛ ተምሬ ያደግሁ፣ ሎንደን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ሰዓት ማንም እንዲያስተምረኝ አልወድም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ጥፋቱ ከዚህ ስለሚጀምር ነው።

መስቱራ መርካቶ ምግብ ቤት ነበራት። በቀን አርባና ሃምሳ ጫኝና አውራጅ አብልታ የምትሸኝ፣ በርበሬ ነጋዴው ሚዛን ሲያጭበረብር ድምጿ እስከ አውቶቡስ ተራ የሚሰማ ሴት። ሆስፒታል የምትሠራው ልጇ ሳፋ አመጣቻትና እዚህ አምስተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ መስኮት ሆነ። ሐኪም ቀጠሮ ሳፋ ስልክ ላይ ነው። የአውቶቡስ መንገድ ሳፋ ስልክ ላይ ነው። ሳፋ ሥራ ስትሄድ የመስቱራ ዓለም አብሮ ይወጣል።

«ጋሽ ተክለአብ፣ እኔ እኮ እንግዳ ሳልሆን ዕቃ ነው የሆንኩት» አለችኝ አንድ ቀን ደረጃው ላይ። «ልጄ ስትመጣ እከፈታለሁ፣ ስትሄድ እዘጋለሁ።»

ይህን ስትል ፈገግ ብላ ነበር። እኔ ግን አንጀቴን በላችው።

በኅዳር ስልኳን አሳየችኝ። መርካቶ የሸጠላት ባለሱቅ በአገራችን አቆጣጠር እንዲያሳይላት ብሎ ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶት ነበር። እሱ ለአዲስ አበባ ነው፤ ለሎንደን ደግሞ ሌላ ሦስት ሰዓት መቀነስ ይቀረዋል። መልእክት ከመላኩ በፊት የደረሳት ይመስላል፣ ቀጠሮ ይዘበራረቃል። «አውቶማቲክ» አድርጊው ብላት ጠዋት ሦስት ሰዓትን ዘጠኝ እያለ ሊያደናግራት ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመት ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት ብላ የኖረች ሴት ናት።

እኔ ራሴ ሎንደን ከገባሁ ጀምሮ የእጅ ሰዓቴ በሐበሻ ነው የሚቆጥረው። አውቶቡሱን በእንግሊዞቹ ሰዓት እየነዳሁ፣ ሕይወቴን በእኔ ሰዓት እየመራሁ ኖርኩ። እናም መላ አገኘሁ። ሰዓቱን ትክክለኛ አድርጌ፣ የየትኛውን አገር ሰዓት እንደሚከተል የሚመረጥበት፣ የሰዓት ሰቅ የሚለው ቦታ ላይ ግን ሎንደንን ትቼ ኮስታሪካን መረጥኩላት። ኮስታሪካ በእንግሊዝ የብርድ ወራት ከሎንደን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሎንደን ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩም ሦስት ሰዓት ይላል። ቀኑ እንኳን እንደ አገራችን ጎህ ሲቀድ ነው የሚለወጠው። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ከተሞችን ያልመረጥኩት በየጊዜው ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ነው፤ ኮስታሪካ ዓመቱን ሙሉ ንቅንቅ አትልም። ይህን ሁሉ አስረዳኋት፤ ኩራቴ ደግሞ አይጣል ነበር።

«አላህ ይስጥዎት» አለች። የብርዱን ወራት ሙሉ አንድም ቀን አልተሳሳተም።

በየካቲት ኬንቲሽ ታውን ያለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ለወጥ ቤቱ ሰው እንደሚፈልግ ሳፋ ሰማች። መስቱራ ያን ሌሊት እንዳልተኛች ነገረችኝ። ነገር ግን ሠራተኛ የሚመዘገበው፣ ፈረቃም የሚቀበለው በአፕ ብቻ ነው። ስልኳ ላይ አፑን ስትፈልገው «ይህ መተግበሪያ በአገርዎ አይገኝም» አላት።

«በየትኛው አገሬ?» አለችኝ ስልኩን እያሳየች። «ያንን ለቅቄ መጣሁ። ይሄኛው ደግሞ አላወቀኝም።»

የአፕ መደብሩ አካውንቷ አገር ኢትዮጵያ ነው የሚለው። አገሩን ለመቀየር የእንግሊዝ ባንክ ካርድ አስገቢ ይላል። ካርድ ለማግኘት ባንክ ሄድን፤ ባንኩ ሂሳቡን በአፓችን ክፈቺ አለን። የባንኩን አፕ ስንፈልግ «በአገርዎ አይገኝም»። ከዚያ ደጅ ስንወጣ መስቱራ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ተቆረጠ። በሩን የሚከፍተው ቁልፍ ከበሩ ውስጥ ተቆልፎበታል።

ያወጣን ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያ ረቡዕ ረቡዕ ሰውን በስልክና በኮምፒውተር የምትረዳ ራህዋ የምትባል የአገሬ ልጅ አለች። መስቱራን አዳምጣ «አክስቴ፣ ነባሩን አካውንት አትንኪው» አለቻት። «ሌላ አዲስ አካውንት እንጨምራለን። አዲሱ ሲከፈት አሁን ያለሽበትን አገር ነው የሚይዘው፤ ካርድም አያስፈልገውም። ፎቶሽም ቁጥሮችሽም አሮጌው ላይ ይቀመጣሉ። መደብሩ ላይ ብቻ ወደ አዲሱ ትቀይሪያለሽ።»

ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አፑ ወረደ። ቀጥሎ የአረጋውያን መኖሪያው መመሪያ መጣ፤ ሥዕሉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስልክ ነው፣ የመስቱራ ስልክ በአማርኛ። መመሪያው የሚለው ቃል ስልኳ ላይ የለም። ራህዋ የስልኩን ቋንቋ ለጊዜው እንግሊዝኛ አደረገችው፣ መመሪያውን እየተከተሉ ማሳወቂያውን ከፈቱ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ መለሰችው። ሦስት ጊዜ ራሷ መስቱራ እንድትቀያይረው አደረገቻት፤ ቃሉ ቢጠፋብሽ ጥርስ ያለው ጎማ የመሰለችውን ሥዕል ፈልጊ እያለች።

በመጨረሻ ራህዋ ስልኩን ትክ ብላ አየችው።

«ይሄ ታይም ዞን ለምን ኮስታሪካ ሆነ? አውቶማቲክ ላድርገው?»

መስቱራ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ጉሮሮዬን ጠራርጌ «እሱን ተይው፣ አስቤበት ያደረግሁት ነው» አልኩ። ራህዋ ትልቅ ሰው ላለማሳፈር ስልኩን ለመስቱራ መለሰችላት። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው እኮ ለሴት ብቻ አይደለም።

ወዲያው ባይሆንም ተጠራች። ከወጥ ቤቱ ኃላፊ ስልክ ተደወለ፤ የሙከራ ቀን ሰኞ፣ ጠዋት በእነሱ ዘጠኝ ሰዓት። በእኛ ሦስት መሆኑ ነው። መስቱራ ጫማዋን ከቅዳሜ ጀምራ ወለወለች። ሳፋ ልሸኝሽ ስትላት «በጭራሽ! ብቻዬን ነው የምሄደው» አለች። «እማ፣ ኦኬ፣ ሪላክስ» አለች ሳፋ።

ከሙከራው በፊት ያለው ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር የመጋቢት መጨረሻ እሑድ ነበር። የዚያን ዕለት እንግሊዝ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ትገፋለች። የሁሉ ሰው ስልክ ራሱ ገፋ። የእኔን የእጅ ሰዓት ቁርሴን በልቼ በጣቴ ገፋሁት። የመስቱራ ስልክ ግን ኮስታሪካ ነበር፤ ኮስታሪካ ደግሞ፣ እንዳልኩት፣ ንቅንቅ አትልም።

እሑድን ቤት ነው የዋለችው። የሶላት ሰዓቷ እንኳን አላጋለጠውም፤ የሶላት አፑ የሚያሰላው ፀሐይን ይዞ በስልኩ ሰዓት ስለሆነ ሁሉም እንደ ቅዳሜው ነው። ሰኞ ሳፋ ገና ሳይነጋ ወጣች። መስቱራ ስልኳ አንድ ሰዓት ሲል ተነሣች፣ ለብሳ 134 ቁጥር አውቶቡስን ያዘች። ማቆሚያው ላይ ያለው ሰሌዳ ደግሞ አውቶቡሱ ስንት ደቂቃ እንደቀረው እንጂ ስንት ሰዓት እንደሆነ አይናገርም። በስልኳ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ስትደርስ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀደምኩ ብላ አላህን አመሰገነች።

ኃላፊዋ የግድግዳውን ሰዓት አሳየቻት። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ይላል፤ አርባ አምስት ደቂቃ አልፏል። መስቱራ ማስረጃ ይሆነኛል ብላ ስልኳን ዘረጋችላት። ሴትዮዋ አየችው። ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት፤ በእነሱ ሲነበብ ውድቅት ሌሊት ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ጠፍቶ በቦታው ሐዘኔታ መጣ፤ መስቱራ የነገረችኝ ከቁጣው ይልቅ እሱ እንዳቃጠላት ነው። ለሙከራው ሌላ ሰው አስገብተዋል። በአፑ እንጠራሻለን አሏት።

በሬን ስታንኳኳ ሂጃቧ ላይ ዝናብ ነበር።

«ጋሽ ተክለአብ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

የእጅ ሰዓቴን አየሁ። «ለአምስት አሥር ጉዳይ።»

ስልኳን አጠገቡ አደረገችው። ለአራት አሥር ጉዳይ። ሁለቱ በአንድ ሰዓት ይለያያሉ።

«ያንተው ለምን ወደ ፊት ገፋ?» አለች። በአንተ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ትናንት... ትናንት ጠዋት ገፋሁት።»

«የራስህን?»

«የራሴን።»

ቁጭ አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አምስት ወር የተዘጋሁት በልጄ ቁልፍ መስሎኝ ነበር» አለች። «አንዱ ቁልፍ በእርስዎ ኪስ ኖሯል።» እርስዎ ማለቷ ከአንተው ይልቅ ከበደኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። እሷ ግን ይቅርታዬን አልጠበቀችም፤ ቅንብሮች ውስጥ ራሷ ገባች፣ ራህዋ እንዳሳየቻት። ቀን እና ሰዓት። የሰዓቱን ሰቅ በራሱ እንዲይዝ የሚያደርገውን ማብሪያ ገፋችው። ኮስታሪካ ጠፋች፣ ሎንደን መጣች። አሥር ሰዓት ከሃምሳ። «እንግዲህ ስድስት መቀነስ እለምዳለሁ» አለች። «መርካቶ ሰባት ዓይነት ዱቤ በቃሌ እይዝ ነበር፤ ስድስት አያቅተኝም።»

ወጥ ቤቱ ስልክ ደወልኩ፤ ሰዓቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ በራሴ አፍ ተናገርኩ። ሴትዮዋ አመሰገነችኝ፣ ምንም ቃል ግን አልገባችም። ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ምንም የለም። በየጠዋቱ ከበራቸው ኋላ መስቱራ ወዲያ ወዲህ ስትል ይሰማኛል። ኮሪደሩ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ትሰጠኛለች፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ተዘግቶ መዋል ምን እንደሆነ ያን ጊዜ እኔም አወቅሁት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት በሬ ተንኳኳ። መስቱራ ናት፤ የተወለወለው ጫማ እግሯ ላይ ነው። አፑ ማታ ጠርቷት፣ ሳፋ ሳትኖር ራሷ ተቀብላለች።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ፣ ዓይኔን ቀጥ ብላ እያየች።

የእጅ ሰዓቴን ተመለከትኩ። ሎንደን ከገባሁ ከሠላሳ ስንት ዓመት በኋላ፣ ያን ሰኞ ማታ ወደ እነሱ ሰዓት በጣቴ አዙሬዋለሁ።

«ሰባት ከሃያ» አልኩ፤ «በእነሱ።»

ስልኳን አየች። ልክ ነው። ከንፈሯ ጥግ ላይ የቆየ ፈገግታ ብቅ አለ።

«ከኮስታሪካ እንኳን ደህና መጡ» ብላኝ በደረጃው ወረደች።